የሞገድ ፈንክሽን ስሌት ሲሳሳት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በኳንተም ሜካኒክስ ስሌት ውስጥ ከሁሉ የምፈራው ትክክል መስሎ የሚወጣ የተሳሳተ መልስ ነው። ዕድል 7 ወይም ከዜሮ በታች ሆኖ ከወጣ ማንም ይነቃል። 0.85 ከወጣ ግን ከመልሱ ሥር አስምሮ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ የማያልፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚደበቅበትን አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንድ ኤሌክትሮን ከ0 እስከ 2 ናኖሜትር ባለ መስመር ላይ ብቻ ሊገኝ ይችላል እንበል። በአንድ ቅጽበት የሞገድ ፈንክሽኑ ይህ ነው፦

```
ψ(x) = x(2 − x),   0 ≤ x ≤ 2
```

የሚፈለገው ኤሌክትሮኑ በመካከለኛው ግማሽ፣ ማለትም በ0.5 እና በ1.5 መካከል የመገኘቱ ዕድል ነው። ዕድሉን የሚሰጠን በዚያ ክፍል ውስጥ ከ|ψ|² ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ነው። ኢንቲግራሉ ቀላል ነው፦

```
∫ x²(2 − x)² dx = 4x³/3 − x⁴ + x⁵/5
```

ምልክት፦ መልሱ ጤናማ ይመስላል፤ ክፍሎቹ ሲደመሩ ግን 1 አይሆኑም

ከ0.5 እስከ 1.5 ስናሰላ 0.8458 እናገኛለን። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ምንም አያጠራጥርም። አሁን ዳርና ዳሩን እናስላ። ከ0 እስከ 0.5 ያለው 0.1104 ነው፤ ከ1.5 እስከ 2 ያለውም እንዲሁ። ሦስቱ ሲደመሩ 1.0667 ይሆናሉ። ኤሌክትሮኑ በመስመሩ ላይ የሆነ ቦታ መገኘቱ እርግጥ ስለሆነ ድምሩ ከ1 ማለፍም ማነስም አይችልም።

መንስኤው የሽሮዲንገር እኩልታ ራሱ የግራፉን ከፍታ አለመወሰኑ ነው። አንድ ψ መፍትሄ ከሆነ 3ψም 0.1ψም መፍትሄ ናቸው። ቅርጹን እኩልታው ይሰጠናል፤ ልኩን ማስተካከል ግን የእኛ ሥራ ነው። ኖርማላይዜሽን የሚባለውም ይኸው ነው፦ ψን በA አባዝተን ጠቅላላው ስፋት 1 እንዲሆን እናደርጋለን።

```
A² · 16/15 = 1   →   A = √(15/16) ≈ 0.968
```

በዚህ መሠረት የመካከለኛው ክፍል ዕድል 0.8458 × 15/16 = 0.793 ነው፤ የእያንዳንዱ ዳር ደግሞ 0.1035። ድምሩ 1 ሆነ። ይህን ሥራ አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃል፤ ፈንክሽኑ በሽሮዲንገር እኩልታ መሠረት በጊዜ ሂደት ቢለዋወጥም ጠቅላላው ስፋት 1 እንደሆነ ይቆያል።

ምልክት፦ ኖርማላይዝ ካደረጉ በኋላም ድምሩ 0.9375 ይሆናል

0.9375 ማለት 15/16 ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። Aን ስናሰላ ዳግም ዘሩን ማውጣት ረስተን A = 15/16 ብለናል። A የሚባዛው በψ ላይ ስለሆነ በ|ψ|² ውስጥ ራሱን በራሱ ተባዝቶ ይገባል። መፍትሄው ወደ A² መስመር ተመልሶ ዳግም ዘሩን ማውጣት ነው።

ምልክት፦ ድምሩ 1 ነው፤ መልሱ ግን 0.6875 ይላል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የድምሩ ፈተና አይዘውም። እዚህ ላይ |ψ|²ን ትተን ψን ራሱን አስልተናል፦ መካከለኛው 0.9167፣ ጠቅላላው 1.3333፣ ሲካፈል 0.6875። የሞገድ ፈንክሽን ዕድልን ይሰጣል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቦርን ራሱ በ1926 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያቀርበው ዕድሉን ከሞገድ ፈንክሽኑ ከራሱ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። ካሬው እንደሆነ ያረመው ጽሑፉ ለኅትመት ሲዘጋጅ በጨመረው የግርጌ ማስታወሻ ነው።

ጥፋቱን ለመለየት ዜሮን አቋርጦ በሚያልፍ ፈንክሽን መሞከር ይበቃል። ለምሳሌ ψ = x(1 − x)(2 − x) ከ1 በስተቀኝ ከዜሮ በታች ነው። ψን ብቻ ካሰሉ በቀኙ ግማሽ ከዜሮ በታች የሆነ «ዕድል» ይወጣል፤ ጠቅላላውም ዜሮ ስለሚሆን የሚካፈሉበት ቁጥር ያጣሉ። በካሬው ግን ሁለቱ ግማሾች እኩል 0.5 ይደርሳቸዋል።

ፈንክሽኑ ኮምፕሌክስ ከሆነ ψ × ψም አይበቃም። ψን በi ብናባዛ ψ² ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ψ*ψ ግን፣ ማለትም ψ የi ምልክቱ በተገለበጠ አቻው በψ* ሲባዛ የሚገኘው፣ አይለወጥም። ሁልጊዜ የሚሰላው ψ*ψ ነው።

ምልክት፦ |ψ|² በአንድ ነጥብ ላይ ከ1 በለጠ

ይህ ስህተት አይደለም። መስመሩን ወደ 1 ናኖሜትር ብናጠበውና ψ = √30 · x(1 − x) ብንል፣ መሀሉ ላይ |ψ|² 1.875 ይሆናል። ይህ በአንድ ናኖሜትር የሚለካ የዕድል እፍግታ ነው፤ ዕድል የሚሆነው በርዝመት ሲባዛ ነው። ከመሀሉ ዙሪያ ባለ 0.01 ናኖሜትር ውስጥ ኤሌክትሮኑን የማግኘት ዕድል 0.01875 ገደማ ነው።

ምልክት፦ ጠቅላላው ኢንቲግራል ወሰን የለውም

ይህን የትኛውም A አያድነውም። ድንበር በሌለው መስመር ላይ eˣ ከወጣ የተመረጠው መፍትሄ የኤሌክትሮኑ ሁኔታ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ድንበር ሁኔታዎቹ ተመልሶ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ የሚወርደውን መፈለግ ያስፈልጋል።