ቲማቲሙ እሑድ ማታ ለምን ይተርፋል? ረቡዕስ ለምን ያልቃል? በትንሽ ምግብ ቤት የአትክልት ቆጠራና ግዢ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በቀን ስልሳ ሰባ ምሳ የሚያወጣ ምግብ ቤት እናስብ። ቲማቲም በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ያስገባል። በግዢው ዋዜማ ማታ ይቆጥርና 20 ኪሎ እስኪሞላ ድረስ የጎደለውን ያዛል። ይህን 20 ኪሎ የሆቴል ሰዎች ‹‹ፓር›› ይሉታል፤ ቀጣዩ ዕቃ እስኪገባ ቤት ውስጥ ሊኖር የሚገባው መጠን ማለት ነው። ቤቱ ፓር አለው፣ ደብተር አለው፣ ቆጠራም አያስታጉልም። እንደዚያም ሆኖ እሑድ ማታ ቲማቲም ይጥላል፣ ረቡዕ ማታ ደግሞ ቲማቲም ፍለጋ ሰው ይልካል። ስህተቶቹን በዚሁ ቤት ላይ አንድ በአንድ እንያቸው።

በእስርና በሳጥን መቁጠር

ጎመን በእስር፣ ቲማቲም በሳጥን መገዛቱ ችግር የለውም። ችግሩ ደብተር ላይም ‹‹ጎመን 12 እስር፣ ቲማቲም ግማሽ ሳጥን›› ተብሎ ሲጻፍ ነው። በዝናቡ ወራት ጎመን ሲበዛ እስሩ ይወፍራል፣ በበጋ ይቀጥናል። ስለዚህ የሐምሌው 12 እስርና የጥር ወሩ 12 እስር አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። መቁጠሪያው ኪሎ ይሁን። አምሳ ኪሎ የሚያነሳ የጠረጴዛ ሚዛን ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ጎመን ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝናብ መትቶት በማዳበሪያ ታጭቆ የመጣ ጎመን ከቅጠሉ ጋር ውሃም ይመዘናል። አራግፈው፣ ዘርግተው፣ ግማሽ ሰዓት ካንጠፈጠፉት በኋላ ይመዝኑት። በርጥቡ ከታጨቀ ደግሞ መሃሉ ይሞቅና በማግስቱ ይቢጫል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ፈትኑ፦ 10 ኪሎ ጎመን አንጠፍጥፋችሁ ግንዱንና ቢጫ ቅጠሉን አውጡ፣ የቀረውን መዝኑ። 7 ኪሎ ከቀረ ከገዛችሁት አሥር እጅ ሰባቱ ብቻ ነው ድስት የሚገባው። ወጥ ቤቱ 14 ኪሎ የተለቀመ ጎመን ከፈለገ የሚታዘዘው 20 ኪሎ ነው። ወቅቱ ሲለወጥ ሙከራው ይደገም።

ከላይ አይቶ መጻፍ

እሑድ ማታ 3 ሰዓት፣ ወጥ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ 8 ኪሎ ቲማቲም አለ። ከላይ የሚታየው ጠንካራ ስለሆነ ‹‹8 ኪሎ›› ተብሎ ይጻፋል። ጫናውን የተሸከመው ግን ከሥር ያለው ነው፤ አንዱ ሲፈነዳ ጭማቂው ጎረቤቱን ያርሳል፣ የረጠበው በአንድ ሌሊት ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ሰፊ ሳፋ ላይ ይገልበጥና ሦስት ቦታ ይለይ። 4 ኪሎው ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ለሰላጣና ለቁርጥ ይሆናል። 2 ኪሎው ለስልሷል ወይም ተሰንጥቋል፣ ግን ሽታውም መልኩም ደህና ነው፤ ይህ በዚያው ማታ ስጎ ይሆናል። 2 ኪሎው ሻግቷል ወይም ጎምዝዞ ይሸታል፤ ይመዘንና ይጣላል። የሻገተውን ጫፉን ቆርጦ ቀሪውን ድስት መጨመር አይገባም፤ ቲማቲም ውሃ የበዛበት ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይገባል።

እንግዲህ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው 8 አይደለም። ‹‹4 ጥሬ፣ 2 ስጎ፣ 2 የተጣለ›› ነው። የተከተፈውና ፍሪጅ የገባውም ይቆጠር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሰዓቱም ሰውየውም አይቀያየሩ። ጠዋት ዕቃ ከገባ በኋላ የሚደረግ ቆጠራ አሮጌውን ከአዲሱ ያደባልቃል። ቆጣሪውና ገዢው አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ የሚዛኑን ንባብ ወጥ ቤት ያለ ሌላ ሰው ይይላቸው። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ደክሞት ማታ የሚቆጥር ሰው ሳጥኑን መገልበጥ ትቶ በግምት መጻፉ የተለመደ ስለሆነ ነው።

የተጣለውን እንደተበላ መቁጠር

ከሁሉም ስህተት ተደብቆ የሚኖረው ይህ ይመስለናል። ብዙ ቤት ፍጆታን የሚያሰላው ‹‹የነበረው ሲደመር የተገዛው፣ ሲቀነስ የቀረው›› ብሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 20 ኪሎ ነበር፤ እሑድ ማታ ደህናው 6 ነው፤ ስለዚህ 14 ተበላ ይባላል። እውነቱ ግን 12 ተበልቶ 2 መጣሉ ነው። ፓሩ በ14 ከተሰላ በሚቀጥለው ሳምንት 2 ኪሎ ትርፍ ይገዛል፣ እሱም ይበሰብሳል፣ ደብተሩም መልሶ ‹‹ተበላ›› ይለዋል። ብክነቱ ራሱን እንደ ፍላጎት አስመዝግቦ በየሳምንቱ ይገዛል ማለት ነው። መፍትሔው ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አንድ ባልዲና አንድ ወረቀት ነው፤ የሚጣል አትክልት በባልዲው ይመዘን፣ ቀኑና ምክንያቱ በአንድ ቃል ይጻፍ፦ ‹‹ሻገተ››፣ ‹‹ተጨፈለቀ››፣ ‹‹ተርፎ››። የልጣጭና የግንድ ክብደት እዚህ አይገባም፤ እሱ በጎመኑ ሙከራ ተይዟል።

ተቃራኒውም አለ። ዓርብ ጎመኑ 7 ሰዓት ላይ ካለቀ ደብተሩ የሚያሳየው ያለቀውን እንጂ የተጠየቀውን አይደለም። ያለቀበት ሰዓት ከጎኑ ካልተጻፈ ፓሩ ሁሌ ከፍላጎቱ በታች ሆኖ ይቀራል። ያ ቀን ለአማካይ አይያዝ፤ ሳይጎድል የዋለ ሌላ ዓርብ ይወሰድ።

ለሁሉም ቀን አንድ ፓር

አሁን ወደ 20 ኪሎው እንመለስ። የቤቱ እውነተኛ ፍጆታ፣ የተጣለው ወጥቶ፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 6፣ ረቡዕ 9፣ ሐሙስ 6፣ ዓርብ 10፣ ቅዳሜ 7፣ እሑድ 5 ኪሎ ነው፤ በሳምንት 49። ረቡዕና ዓርብ ከፍ ያለው በየአይነቱ ስለሚበዛ ነው። ቤቱ 49ን ለሦስት ግዢ አካፍሎ 16 አገኘ፣ 4 ኪሎ መጠባበቂያ ጨመረበት፣ 20 ሆነ። ሒሳቡ ልክ ይመስላል፤ ግን ሦስቱ ግዢዎች እኩል ቀን አይሸፍኑም። የሰኞው እስከ ረቡዕ ማታ መድረስ አለበት፤ 6፣ 6 እና 9፣ 21 ኪሎ። 20 ይዞ የጀመረ ቤት ረቡዕ እራት ላይ ቢያልቅበት አይገርምም። የሐሙሱ ሐሙስና ዓርብን ይሸፍናል፣ 16 ኪሎ። የቅዳሜው ቅዳሜና እሑድን ብቻ፣ 12 ኪሎ። ቅዳሜ እስከ 20 የሞላ ቤት እሑድ ማታ 8 ኪሎ ይተርፈዋል፤ ሳፋው ላይ የገለበጥነው እሱን ነው።

ስለዚህ ፓሩ ሦስት ይሁን። መጠባበቂያው በግምት አይደለም የሚያዘው፤ ዕቃው ዘግይቶ ከምሳ በኋላ ቢገባ የዚያን ቀን ምሳ የሚያሳልፍ መጠን ነው፣ ለዚህ ቤት 4 ኪሎ። የሰኞ ፓር 25፣ የሐሙስ 20፣ የቅዳሜ 16 ይሆናል። የእሑድ ማታው ትእዛዝም ቀላል ነው፦ ከ25 ላይ 4ቱ ጥሬ ይቀነሳል፤ 2 ኪሎው ስጎ ለሰኞ ፓስታ ስለሚውል እሱም ይቀነሳል፤ 19 ኪሎ ይታዘዛል። ቀድሞ ታዝዞ ያልደረሰ ካለ እሱም ይቀነስ፤ አለዚያ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገባል።

የረቡዕና የዓርብ ጭማሪ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ይህን የረሳ ቤት በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት በጾም ልክ የታዘዘ ጎመን ይታቀፋል። በሁዳዴ ደግሞ ጭማሪው ወደ ሌሎቹም ቀናት ይሰፋል። በረመዳን የቀን ምሳ ቀንሶ የማታው ይጨምራል፤ ጠቅላላ ኪሎው ብዙ ባይለወጥ እንኳ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚፈለገው ትኩስ ሰላጣ ጠዋት ተከትፎ መቆየት የለበትም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ ቤትም ተማሪ ሲወጣና ሲገባ ፓሩን ያሻሽል። ለእያንዳንዱ ወቅት የተለየ ገጽ ይያዝና ያለፈው ዓመት ቁጥር መነሻ ይሁን።

የገበያ ቀን ርካሽነትን ተከትሎ የሳምንቱን መግዛት

በገበያ ቀን ዋጋ ሲወርድ የሳምንቱን ቲማቲም መጫን ያጓጓል። ለስሌት ያህል በገበያ ቀን ኪሎው 50፣ በሌላ ቀን 60 ብር ነው እንበል። 49 ኪሎ በአንድ ጊዜ ከተገዛ 490 ብር ይተርፋል፤ ሁለት የባጃጅ ምልልስ ስለሚቀር 200 ብር ይጨመርበት፣ 690። የተበላሸው ግን በ60 ብር ይተካል። ስለዚህ ከ11 ኪሎ ተኩል በላይ ከተበላሸ ትርፉ አልቋል። ቅዝቃዜ በሌለበት ግምጃ ቤት፣ በዝናቡ ወራት፣ ቀይ ሆኖ የገባ ቲማቲም እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን ሲቆይ ይህን ያህል መጣሉ ሩቅ አይደለም። የራስዎን ዋጋ ያስገቡና ያስሉት፤ መልሱ ከባልዲው ወረቀት ይገኛል።

ሁሉም አትክልት በአንድ ምት መገዛት የለበትም። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን አየር በሚያገኝ ጥላ ሳምንት ይዘልቃሉ፤ የገበያ ቀን ቅናሽ ለእነዚህ ይዋል። ጎመንና ሰላጣ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንዴ ይግቡ። ቲማቲም መሃል ነው፤ ለሦስት ቀን ሲገዛ ሁሉም ቀይ አይሁን። ለሰኞው 19 ኪሎ ‹‹12 ቀይ፣ 7 ገና የሚቀላ›› ተብሎ ይታዘዝ። የሚቀላው ፍሪጅ አይግባ፤ ብርዱ መቅላቱን ያቆምበትና ጣዕሙን ያጠፋዋል። ሙዝና የበሰለ አቮካዶም ከጎመንና ከሰላጣ ይራቁ፤ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠል ያቢጫል።

ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ሳጥኑ ባዶውን ይመዘን። የእንጨት ሳጥን ክብደት ካልተቀነሰ 19 ኪሎ ተብሎ የገባው 16 ሊሆን ይችላል፤ የረቡዕ ማታው ጉድለትም ገና ሰኞ ጠዋት ይጀምራል።