ያገለገለ ሶፋ ለመሸጥ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

ሶፋዬን ለመሸጥ መጀመሪያ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር። «ትልቅ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ ዋጋ በድርድር።» ገዢ በሁለተኛው ቀን መጣ። ከፈለ፣ አይሱዙ አስመጣ፣ አስጫነ። ማታ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሶፋው አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ጫንቃ ወጥቶ በሩ ላይ ቀርቷል። የሚያስገባው አልተገኘም። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ጀርባው ላይ ጨርቁ በደረጃው ብረት ተቀዶ ነበር። ገንዘቡን መለስኩ፣ የመኪናውንም ግማሽ ከፈልኩ። ሰውዬው አንድ ቀን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ልኬቱን አልጻፍኩም።

ስለዚህ ከልኬቱ እንጀምር።

የአናጢ ሜትር ያዙ፣ ያ ከብረት የሆነውንና የሚጠቀለለውን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ርዝመቱን፣ ከፊት እስከ ጀርባ ያለውን ጥልቀትና ከወለል እስከ መደገፊያው ጫፍ ያለውን ከፍታ ለኩ። ጨርቁ የሚያብጥበት ቦታ ካለ እስከ እብጠቱ ጫፍ ለኩ። ኤል ሼፕ ከሆነ ሁለቱን ክፍሎች አላቁና እያንዳንዱን ለብቻ ለኩ። ገዢው ሳሎኑ ውስጥ እንደሚበቃ የሚያውቀው ከተገጣጠመው ልኬት ነው፤ በበሩ እንደሚገባ የሚያውቀው ግን ከተፈታው ነው። ሁለቱም ይጻፉ።

የኔ ሶፋ ረጅሙ ክፍል ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ጥልቀቱ 95 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 85 ሳንቲሜትር ነው። የገዢው በር ክፍት ቦታ 78 ነበር። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው «አይገባም» ብሎ ይተወዋል። ግን ሶፋ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚገባው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ልኬት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም በኋላ ከአንድ ሶፋ ሠሪ ነው የተማርኩት።

እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ወይም የመጥረጊያ ዘንግ ያዙ። አንዱን ጫፍ መደገፊያው አናት ላይ፣ ሌላውን የክንድ ማሳረፊያው የፊት ጫፍ ላይ አሳርፉ። እንጨቱ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። አሁን ከሶፋው ጀርባ የታችኛው ጥግ፣ እግር ካለው ከእግሩ ሥር፣ ተነስታችሁ ወደ እንጨቱ በአጭሩ መንገድ ለኩ። ሜትሩ እንጨቱን በ90 ዲግሪ ማዕዘን መንካት አለበት። ያ ቁጥር ሶፋው ዘንበል ሲል የሚፈልገው የበር ስፋት ነው። የኔ 80 ሆነ። ለ78 በር በ2 ሳንቲሜትር አልበቃም ማለት ነው።

የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የሶፋው እግሮች 10 ሳንቲሜትር ቁመት አላቸው፤ በብሎን የሚፈቱ ናቸው። እግሮቹን ፈትተን ስንለካ ያው ቁጥር ወደ 70 ወረደ። ያን ቀን እግሩን የፈታ ሰው ቢኖር ኖሮ ሶፋው በዚያ በር ይገባ ነበር። ስለዚህ ሶፋችሁን ገልብጡና እግሩ የሚፈታ መሆኑን እዩ። የሚፈታ ከሆነ ጻፉት፤ ከተቸነከረም ጻፉት።

ደረጃ ላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ርዝመቱ ነው። መታጠፊያው ላይ ብዙ ጊዜ ሶፋውን አቁሞ ማዞር ያስፈልጋል። 2 ሜትር ከ40 የሆነ ነገር ለማቆም ጣሪያው ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። ይህን የሚያጣራው ገዢው ነው፤ የእናንተ ድርሻ የረጅሙን ክፍል ርዝመት በግልጽ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ጉዳቱ እንሂድ። «እንደ አዲስ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ሁሉም ሰው ስለሚጽፈው ማንም አያምነውም። ይልቅ ጉዳቱን ከነቦታውና ከነመጠኑ ጥቀሱ፤ «በግራ መቀመጫ ላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል የቡና ነጠብጣብ አለ» በሉ። ስፖንጁ መስመጡን ለማወቅ ያንኑ እንጨት መቀመጫው ላይ አጋድሙና መሃሉ ላይ ያለውን ክፍተት ለኩ። የኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ቦታ 4 ሳንቲሜትር ሰምጧል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። በሁለት እጃችሁ ተጭናችሁ እንጨቱ ከተንቋቋ ወይም ከላላ እሱንም ጻፉ፤ ስፖንጅ ይቀየራል፣ የተሰበረ ፍሬም ግን ሌላ ወጪ ነው። ትኋን ኖሮ የሚያውቅ ከሆነ አትደብቁ። በሰው ቤት ትኋን ማስገባት ነውር ነው።

ፎቶውን ጠዋት፣ መጋረጃ ከፍታችሁ አንሱ። የጉዳቱን ፎቶ ለብቻው በቅርብ አንሱ። ማጣሪያ አያስፈልግም፤ የጨርቁን ቀለም ይቀይረዋል።

የሚሸጥበት ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ እውነቱን። ካልጻፋችሁት ገዢው የተደበቀ ጉድለት አለ ብሎ ያስባል። «ወደ ጠባብ ቤት ስለምንቀየር» ካላችሁ በቂ ነው። «በአስቸኳይ» የሚለውን ግን እኔ አልጽፍም። ያን ቃል ያየ ሁሉ ዋጋውን በግማሽ ይጠራዋል። ቤት የምትለቁበት ቀን ካለ ምክንያቱ ላይ ሳይሆን ስለ ሶፋው አነሳስ በምትጽፉበት ቦታ አስቀምጡት፤ «እስከ እሁድ መነሳት አለበት» ብላችሁ።

ስለ አነሳሱ ስትጽፉ ፎቁን፣ ሊፍት መኖር አለመኖሩን፣ መኪና እስከ በሩ መግባቱን፣ መኪናውንና ጫኞቹን ማን እንደሚከፍል ጻፉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጥበቃው ዕቃ ሲወጣ መውጫ ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ከኮሚቴው ጠይቁ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ወረቀት መፈለግ አሰልቺ ነው። የቤት ቁጥራችሁን ማስታወቂያው ላይ አታውጡ፤ የሰፈር ስም ይበቃል። ክፍያው በባንክ ከሆነ ደግሞ ገዢው የሚያሳያችሁን የስልክ ፎቶ አትመኑ። የራሳችሁ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን ካያችሁ በኋላ አስጭኑ።

ሁለተኛው ማስታወቂያዬ ይሄ ነበር፤

«ያገለገለ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ግራጫ ጨርቅ፣ 5 ዓመት የተጠቀምንበት። ሲገጣጠም 2.40 በ2.45 ሜትር። ለሁለት ይፈታል፤ ረጅሙ ክፍል 2.40 ሜትር፣ ጥልቀት 95፣ ከፍታ 85 ሳ.ሜ። እግሩ ይፈታል፤ ተፈትቶ ዘንበል ሲል 70 ሳ.ሜ በር ይበቃዋል፤ ትንሽ ትርፍ ያለው በር ይመረጣል። ጉዳት፤ አንዱ መቀመጫ 4 ሳ.ሜ ሰምጧል፣ በግራ በኩል ትንሽ የቡና ነጠብጣብ፣ ከጀርባ 12 ሳ.ሜ የተሰፋ ቀዳዳ (ግድግዳ ሲጠጋ አይታይም)። ፍሬሙ ጠንካራ ነው። የምንሸጠው ወደ ጠባብ ቤት ስለምንቀየር ነው። ገርጂ፣ ምድር ቤት፣ መኪና እስከ በሩ ይገባል። መኪናና ጫኝ በገዢ። ከ11 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ሙሉ ቀን ማየት ይቻላል። እስከ እሁድ መነሳት አለበት። 30,000 ብር፣ ጥቂት ይቀነሳል።»

የደወሉት ሰዎች ቁጥር ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። የገዛችው ሴት ግን ከመደወሏ በፊት በሯን ለክታ ነበር፤ 76 ነው አለችኝ። እግሮቹን እኔው ፈትቼ ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥሬ መቀመጫው ሥር በፕላስተር ለጠፍኩላት። ማታ የሳሎኗን ፎቶ ላከችልኝ።