ሶሊቴር አልከፈት ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። "አቦ፣ ይሄ ጌም ተበላሽቷል፣ አያሸንፍም" ብሎ ላፕቶፕ ተሸክሞ የሚመጣ አይጠፋም። ጌሙ ምንም አልሆነም። የማወራው ሰባት ዓምድ ስላለው፣ ከክምሩ ሦስት ሦስት ካርታ ስለሚገለጥበት ሶሊቴር ነው። በወረቀት ካርታ የምትጫወቱ ግን መጀመሪያ 52 መሙላቱን ቁጠሩ። ከገበያ የተገዛ ርካሽ ካርታ ሁለት የልብ 4 ይዞ አጋጥሞኛል።

ምልክት፦ ክምሩን ደጋግመህ ዞርክ፣ የሚነቃነቅ ካርታ የለም።

ምክንያት አንድ፦ እደላው ራሱ ሙት ነው። የተደፉትን ካርታዎች ሁሉ እያየህ ብትጫወት እንኳ ከ100 እደላ የሚከፈተው 82 ያህሉ ነው።

ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ጎረቤት አሉኝ። ከሰዓት ሙቀቱ ሲከብድ ዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ይደረድራሉ። አንድ ቀን ስድስቱን ዓምድ ከፍተው ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ላዩ ላይ የልብ 7 አለ። "ጋሼ፣ ይበቃል" አልኳቸው። እሺ አላሉም፤ ክምሩን ዳግመኛ ዞሩት። የልብ 7 የሚነሳው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ጥቁር 8 ላይ ሲቀመጥ፣ ወይም የልብ ቤት፣ ማለትም የልብ ካርታዎች ከአስ ጀምረው በተራ የሚደረደሩበት ቦታ፣ እስከ 6 ሲሞላ። የልብ ቤቱ 2 ላይ ቆሟል። ሁለቱ ጥቁር 8ም ሆኑ የልብ 3 ክምሩ ውስጥም ሆነ ሌላ ዓምድ ላይ የሉም። ታዲያ የት ሊሆኑ ይችላሉ? ስድስቱን የተደፉ ስንገልጥ ሦስቱም እዚያው ከልብ 7 ሥር ተኝተዋል። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው። ሁለት ዓምዶች እርስ በርስ ሲቆላለፉም እንዲሁ ይሆናል።

መፍትሄ፦ የለውም። አዲስ አድል።

ምክንያት ሁለት፦ የተሳሳተ ዓምድ ቀድመህ ከፍተሃል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ እዚህ ናቸው፣ ግን ማንም አያምንም።

ለምሳሌ ጥቁር 9 ክፍት ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የዳይመንድ 8 አለ፤ ሥሩ የተደፋው አንድ ካርታ ነው። ሰባተኛው ላይ የልብ 8 አለ፤ ሥሩ ስድስት ናቸው። 9ኙ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ባዶ ዓምድ ላይ ግን ከንጉሥ በቀር የሚቀመጥ የለም። ንጉሥ በእጅህ ከሌለ ባዶ ቦታ ምን ሊያደርግልህ? ሰባተኛውን ክፈት።

ንጉሥ ዝግጁ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሿን ዓምድ ባዶ አድርጋት። ያኔም ቀለሙን እይ። ብዙ የተደፉ ካርታዎችን የዘጋችው ቀይ ንግሥት ከሆነች የሚያስፈልግህ ጥቁር ንጉሥ ነው። ቀዩን በችኮላ አስቀምጠህ "ጌሙ ያጭበረብራል" ብለህ እኔ ጋ አትምጣ።