የእንግዶችን የሰርቪስ ሰዓት ከምዝገባ ዝርዝሩ ላይ እንዴት እናወጣለን

ብዙ ሰው እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚወስድ ሰርቪስ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የሚያደርገው በየሰዓቱ አንድ ባስ መመደብ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ችግሩ እንግዶች በየሰዓቱ እኩል እየተከፋፈሉ አይመጡም፤ አውሮፕላን ሲያርፍ በአንዴ ግር ብለው ይወጣሉ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም የለም። ስለዚህ ሰዓቱን ከዝርዝሩ ላይ ነው የምናወጣው።

መጀመሪያ ዝርዝሩን አጽዱት። ፎርሙ ላይ «ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» ብቻ ከጠየቃችሁ፣ አንዳንዱ የሚነሳበትን ሰዓት ይጽፍላችኋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠዋት ይሁን ማታ ሳይለይ ይተወዋል። የበረራ ቁጥርና ቀን ጠይቁ፤ የማረፊያ ሰዓቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያርፉትን በተለይ ደግማችሁ አረጋግጡ። ማክሰኞ 00:30 የሚያርፍ ሰው በሐሳቡ ገና ሰኞ ማታ ነውና ቀኑን ሊያሳስት ይችላል። «ሰርቪስ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄም ጨምሩ፣ ዘመድ የሚቀበለው ሰው ወንበር እንዳይያዝለት።

ቀጥሎ የማረፊያ ሰዓቱን መውጫው በር ላይ ወደሚደርሱበት ሰዓት ቀይሩት። አውሮፕላኑ አረፈ ማለት ሰውየው ወጣ ማለት አይደለም፤ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ። እኔ ከውጭ አገር ለሚመጣ በረራ 60 ደቂቃ እጨምራለሁ፣ ሰልፉ ረጅም የሆነበት ቦታ ከሆነ ከዚያም በላይ። የማረፊያ ሰዓቱ ኤክሴል ላይ B2 ውስጥ ከሆነ ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
=B2+TIME(1,0,0)
```

አሁን አንድ ምሳሌ እንስራ። 43 እንግዶች አሉን። በር ላይ የሚደርሱት 8:20 ላይ 11 ሰው፣ 8:40 ላይ 6፣ 9:05 ላይ 14፣ 10:30 ላይ 3፣ 11:00 ላይ 9። ባሱ 25 መቀመጫ አለው፤ እኔ ግን 18 ብዬ ነው የምቆጥረው፣ ሻንጣ የሚገባበት በቂ ቦታ ከሌለው የኋላውን ወንበር ሻንጣ ይበላዋል። አንድ ሕግ ደግሞ እናውጣ፦ ማንም ከ40 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም።

ከላይ ወደ ታች እየደመራችሁ ሂዱ። 8:20 የወጡት እስከ 9:00 ድረስ መሄድ አለባቸው። 8:40 ላይ 17 ሰው ሆኗል፣ ባሱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህ 8:45 ይነሳ። 9:05 የሚወጡት 14 ናቸው። አራት ወንበር ባዶ ነው ብላችሁ አታስጠብቋቸው፣ እስከ 10:30 ሌላ የሚመጣ የለም። ለዘገየ ሰው አስር ደቂቃ ሰጥታችሁ 9:15 ላኳቸው። ከዚያ 10:30 የወጡት ሦስቱ የመጨረሻ ገደባቸው 11:10 ነው፣ በመሃል ዘጠኙ ስለሚመጡ 12ቱም አብረው በ11:10 ይሄዳሉ። ሦስት ጉዞ፣ አለቀ።

በየሰዓቱ ቢሆን ኖሮ የ8:00ው ባስ ባዶውን ይሄድ ነበር፣ 9:05 የወጡት 14 ሰዎች ደግሞ ባሱ በአምስት ደቂቃ አምልጧቸው 55 ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ብዙ ሰው የሚረሳው ምልልሱን ነው። መንገዱ 35 ደቂቃ ከሆነ፣ መውሰጃ 35፣ ማራገፊያ 10፣ መመለሻ 35፣ ለመጫን ደግሞ 10፤ በድምሩ 90 ደቂቃ። 8:45 የተነሳው ባስ ለሚቀጥለው ጉዞ ዝግጁ የሚሆነው 10:15 ነው። የ9:15ቱን ጉዞ ሊሠራ አይችልም፣ የ11:10ሩን ግን ይችላል። ስለዚህ ሁለት መኪና ያስፈልጋል፣ ሁለተኛው ግን ለአንድ ጉዞ ብቻ ነውና ቀኑን ሙሉ አትከራዩት። በአንድ መኪና እንሞክር ካላችሁ 14ቱ 70 ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያም ባሱ ዳግም ዝግጁ የሚሆነው 11:45 ስለሆነ 10:30 የወጡት ሦስቱ 75 ደቂቃ ይቆማሉ። አንዱ መዘግየት ሌላውን ይጎትታል። መንገዱን ደግሞ በዚያው ቀንና ሰዓት ራሳችሁ ሞክሩት፤ የእሑድ ጠዋት መንገድና የሰኞ ጠዋት መንገድ አንድ አይደሉም።

ለሾፌሩ የምትሰጡት ወረቀት ላይ ሰዓት ብቻ አትጻፉ፣ ከጎኑ የበረራ ቁጥሩንና የሰው ብዛቱን ጻፉ። ጠዋት ላይ የ9:05ቱ ቡድን በረራ 45 ደቂቃ ዘገየ እንበል፤ እንግዶቹ 9:50 ይወጣሉ፣ ሁለተኛው ባስ ወደ 10:00 ይሸጋገራል፣ የመጀመሪያው ግን ንቅንቅ አይልም። ወረቀቱ ላይ «9:15» ብቻ ካለ ሾፌሩ በሰዓቱ ባዶውን ይነሳል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

ሰው ሳይቆጠርም ባስ አይነሳ። በር ላይ ዝርዝር የያዘ አንድ ሰው ይቁም፤ 17 ተብሎ 15 ከሆነ የጎደሉትን ሁለቱን ይደውልላቸው፣ ሻንጣቸው ጠፍቶ ውስጥ ከሆኑ ለ9:15ቱ ባስ ያስተላልፋቸው። እዚያ አራት ባዶ ወንበር አለ።