ለአካል ጉዳተኞች ቀን ንግግር እንዴት እንደሚዘጋጅ

ኅዳር 24 ቀን የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አዳራሽ ለሰፈሩ ሰው እንዲናገሩ ተጠየቁ፤ የተሰጠዎት ሰዓት 5 ደቂቃ ነው እንበል። ስለ ሥራም፣ ስለ ትምህርትም፣ ስለ ትራንስፖርትም ላንሳ ካሉ አድማጩ አንዱንም ይዞ አይሄድም። ይልቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጉዳይ የሚያስፈጽምበትን የአንድ መሥሪያ ቤት በር ይምረጡ።

ቀጥሎ ሜትር ይዘው ይሂዱ። በሩ ጋ ለመድረስ ሦስት ደረጃ አለ፣ የእያንዳንዱ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በድምሩ 45 ይሆናል። በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚጠይቅ፣ እዚህ የሚያስፈልገው ራምፕ 5 ሜትር ከ40 ነው። ከደረጃው ጎን ያለው ግን 1 ሜትር ተኩል ብቻ ከሆነ ለስሙ ተሠራ እንጂ አይወጣም። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ሲወርድም አይያዝም። በሴራሚክ ከተነጠፈ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በክራንች የሚሄደውንም ያንሸራትታል። ብዙ ሰው ራምፑን አይቶ «ተሠርቷል» ብሎ ያልፋል፤ ቁጥሩን ሲሰማ ግን ይገባዋል።

ከዚያ ሕጉን ያስከትሉ፤ ሁለት በቂ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ይናገራል።

ሲናገሩ ሰላምታውን ያሳጥሩ፤ የክቡራን እንግዶች ዝርዝር ብቻውን 2 ደቂቃ ይበላል። እንዲህ ይጀምሩ፦ «የእኔን መታወቂያ የሚያድሰው መስኮት ከበሩ ጥቂት እርምጃ ነው። እኔ ግን ደጅ ሆኜ ወረቀቴን በሰው እልካለሁ።» ፎቶ ካሳዩ «እንደምታዩት» ብለው አይለፉት፤ ለዓይነ ስውራን በቃል ይግለጹት። ንግግሩን በዋዜማው ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ይስጡ፤ ቁጥርና የአንቀጽ ስም ድንገት ሲመጣ ስለሚያስቸግር እዚያ ላይ ቀስ ይበሉ። አስተርጓሚው መስማት የተሳናቸው በሚያዩት በኩል፣ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፎ ይቁም።

መጨረሻ ላይ «ትኩረት ይሰጠው» አይበሉ፤ ማንም የማይጠየቅበት ቃል ነው። «ራምፑ ፈርሶ በ5 ሜትር ከ40 ይሠራ፣ በሁለቱም ጎን መያዣ ይኑረው፣ መቼ እንደሚጀመር እስከ ጥር መጨረሻ በጽሑፍ ይገለጽልን» ይበሉ። ይህንኑ በደብዳቤ ጽፈው የነዋሪውን ፊርማ ያሰባስቡ፤ በማግስቱም መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ይቀበሉ።