የዴሞክራሲ መለኪያዎችን ስትጠቀሙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በየዓመቱ በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቆች ላይ «ዴሞክራሲ በፖሊቲ ተለክቷል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍና ወዲያው ወደ ሪግሬሽኑ ይገባል። ምን እንደተለካ ግን አልተነገረም።

ፖሊቲ የተባለው የዳታ ስብስብ ለአገሮች ከ-10 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጠው መሪው እንዴት ሥልጣን እንደሚይዝ፣ ሥልጣኑን ምን እንደሚገድበውና የፖለቲካ ውድድሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ አይቶ ነው። ስንት ሰው የመምረጥ መብት እንዳለው አይቆጥርም። ስለዚህ የስዊዘርላንድ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጡት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆኖ ሳለ፣ አገሪቱ ከ1848 አንስቶ ሙሉ 10 አላት። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ እንኳ 4 ነበራት። ጥያቄያችሁ ከፖለቲካ ስለተገለሉ ሰዎች ከሆነ ይህ መለኪያ አይመልስላችሁም። ዳታውን ከማውረዳችሁ በፊት «ዴሞክራሲ ስል እነዚህን ማለቴ ነው» ብላችሁ ጻፉና ከኮድ መጽሐፉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ንዑስ ነጥቦችን ደምሮ ለቁጥራቸው ማካፈል ነው። ቪ-ዴም የተባለው ሌላ የዳታ ስብስብ ያለው የምርጫ ዴሞክራሲ መለኪያ አምስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 1 ይለካሉ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ባለሥልጣናት የሚመረጡ መሆናቸው 1፣ የመምረጥ መብት 1፣ የምርጫው ነፃነትና ፍትሐዊነት 0.2፣ የመደራጀት ነፃነት 0.4፣ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት 0.3 ይሁን። ተራ አማካዩ 0.58 ነው፤ ደህና አገር ይመስላል። ቪ-ዴም ግን አምስቱን እርስ በርስ ያባዛል፦ 0.024። ከዚያ በክብደት ይደምራል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አንድ ስምንተኛ፣ ለሦስቱ ደግሞ አንድ አራተኛ ይሰጥና 0.475 ያገኛል። የሁለቱ አማካይ 0.25 ገደማ ነው። የሻጋታ ጣዕም ያለውን ቡና የፍሬው ትልቅነት እንደማያድነው፣ ሁሉም ሰው መምረጥ መቻሉ የተጭበረበረን ምርጫ አያካክስም። አማካይ ስትወስዱ ግን «ያካክሳል» ብላችሁ ወስናችኋል። ያንን በጽሑፋችሁ መከራከሪያ ማቅረብ የእናንተ ግዴታ ነው።

ወደ ፖሊቲ ዳታ ስንመለስ፣ `polity` በሚለው ዓምድ ውስጥ ያሉት -66፣ -77 እና -88 ነጥብ አይደሉም፤ የባዕድ ይዞታን፣ የመንግሥት መፍረስንና ሽግግርን የሚያመለክቱ ምልክቶች ናቸው። በስሌት ከገቡ ውጤቱን ያበላሹታል። ምልክቶቹ የተስተካከሉበትን `polity2` ዓምድ ብትወስዱም ሙሉ በሙሉ አትድኑም፤ -77ን ወደ 0 ስለሚቀይር፣ መንግሥት የፈረሰበት አገርና ግማሽ ዴሞክራሲያዊ የሆነው አገር እኩል ይሆናሉ። እነዚያን ዓመታት አንዴ አስገብታችሁ አንዴ አውጥታችሁ አስሉት፤ መደምደሚያችሁ ከተለወጠ፣ ውጤቱን ያመጣው የዴሞክራሲ ልዩነት ሳይሆን ያ 0 ነበር።

የቪ-ዴም ነጥብ ከባለሙያዎች ምዘና በሞዴል የተገመተ ስለሆነ፣ 0.41ን ከ0.44 አበላልጣችሁ ደረጃ አትስጡ። መጀመሪያ የግምቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን የያዙትን `v2x_polyarchy_codelow` እና `v2x_polyarchy_codehigh` የሚባሉትን ዓምዶች ክፈቱ። በሁለቱ አገሮች ወሰኖች መካከል ያሉት ነጥቦች በሰፊው ከተደራረቡ «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ከጽሑፋችሁ አውጡት።