«አንዲት ፊደል ብቻ»፦ የተለወጠ ሰነድ አልሠራም ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰነድ በመጻፍ፣ በማተምና በመተርጎም ሥራ የተሰማራ ሰው ሐሰተኛ ዲፕሎማ ከባዶ እንዲሠራ የሚጠየቀው አልፎ አልፎ ነው። አዘውትራ የምትመጣው ትንሽ የምትመስለው ጥያቄ ናት፤ በእውነተኛ ዲፕሎማ ላይ አንዲት ፊደል እንድትጨመር፣ በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ጥቂት ወራት እንዲራዘሙ፣ ወይም የደበዘዘ ቁጥር «እንዲደምቅ» ይፈለጋል። ጠያቂውም ብዙውን ጊዜ ቀነ ገደብ የደረሰበት ጭንቀታም ሰው እንጂ ልማደኛ አጭበርባሪ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት እንደሌለበት የሚያውቅ ባለሙያ እንኳ እምቢታውን የሚገልጽበት መንገድ ብዙ ጊዜ ይበላሽበታል። እኔም ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች ቢያንስ ሁለቱን ፈጽሜአለሁ።

የቴክኒክ ሰበብ መስጠት

የመጀመሪያው ስህተት «አልሠራም» ማለት ከብዶን «አይቻልም» ማለታችን ነው። አንድ ደንበኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ያለውን የማብቂያ ወር እንድለውጥለት በጠየቀኝ ጊዜ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አፍሬ፣ ደብዳቤው የተጻፈበት የፊደል ዓይነት ኮምፒውተሬ ላይ እንደሌለ ነገርኩት። በማግስቱ የፊደሉን ፋይል በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ በኋላ የምናገረው ነገር ሁሉ ዋጋ አጣ፤ ምክንያቱም ችግሩ የመሣሪያ ነው ብዬ ስላመንኩለት መሣሪያውን አሟልቶ መምጣቱ ትክክለኛ ምላሽ ነበር። «ጊዜ የለኝም» እና «አለቃዬ አይፈቅድም» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ አንዱ ነገ ተመለስ፣ ሌላው አለቃው በሌለበት ሰዓት ና እንደ ማለት ይወሰዳሉ።

የሚያዋጣው አጭርና ግልጽ አነጋገር ነው፦ «ሌላ አካል ፈርሞና ማኅተም አድርጎ በሰጠው ሰነድ ላይ የሰፈረውን ነገር አልለውጥም፤ የሚፈልጉት ውጤት ግን በሌላ መንገድ ሊገኝ ይችል እንደሆነ አብረን እንይ።» ሁለተኛው ሐረግ ወዲያው መከተል አለበት። በመካከሉ ዝምታ ከገባ ደንበኛው የሚሰማው መባረሩን ብቻ ነው።

ሰነዱ ለምን እንደሚፈለግ ሳይጠይቁ መፍረድ

ይህ ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ስለሆነ አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልተርክ። አንዲት ወጣት የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማዋን ይዛ መጣችና በላቲን ፊደል በተጻፈው ስሟ መጨረሻ ላይ «ኤች» እንድጨምርላት ጠየቀችኝ። ስሟ ሣራ ነው እንበል፤ በፓስፖርቷ ላይ መጨረሻው «ኤች» አለው፣ በዲፕሎማዋ ላይ ግን የለውም። ለውጭ አገር ትምህርት የምታመለክትበት ፖርታል የሚዘጋው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። እኔ ወንጀል ስለመሆኑ ረዘም ያለ ማብራሪያ ጀመርኩ፤ እሷ ደግሞ ዲፕሎማው የራሷ ስለመሆኑ እየማለች እንባ ተናነቃት። ሁለታችንም ስለ ተቀባዩ ተቋም አንዲት ቃል እንኳ አልተናገርንም ነበር።

ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ይህን ነው፦ ሰነዱን የሚቀበለው ማን ነው? ስሙ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበት የተጻፈው የት ነው? የስም ልዩነት ላለበት አመልካችስ ምን ይላል? በኋላ የማመልከቻውን መመሪያ አብረን ስናነበው፣ የስም አጻጻፍ ልዩነት ያለበት አመልካች ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ እንዲያያይዝ የሚል አንድ መስመር አገኘን። ፊደሉን እንድታስለውጥ ያስገደዳት መመሪያው ሳይሆን አንድ ጓደኛዋ የሰጣት ምክር ነበር።

በተጨማሪም ፊደሏን ብለውጥላት ኖሮ የምጎዳው እሷን እንደነበር ያስረዳኋት ከስብከቱ በኋላ ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን ይኸው ነበር። ዲፕሎማ የሚያጣራ ተቋም በወረቀቱ ውበት ላይ አይመሠረትም። የሰነዱን ቅጂ ወደ ሰጪው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ይልካል፣ ወይም በሰነዱ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ ቃኝቶ የሰጪውን መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም «ኤች» የለውም። ስለዚህ እውነተኛ የነበረው ዲፕሎማ «ከመዝገብ ጋር የማይመሳሰል» ተብሎ ይመለሳል፤ አራት ዓመት የተማረችው ትምህርት በአንዲት ፊደል ምክንያት ሐሰተኛ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ሰው መጠየቅም አያስፈልግም፤ ከፊርማው በኋላ ይዘቱ ላይ አንድ ፊደል ቢነካ ፊርማውን የሚያጣራው ሶፍትዌር ራሱ ሰነዱ መለወጡን ያሳያል። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ጥቅሟን የሚነካ በመሆኑ ከሥነ ምግባር ትምህርት ይልቅ ይደመጣል።

«ወደ ሰጪው ቢሮ ሂጂ» ብሎ ማሰናበት

ሕጋዊ አማራጭ ማቅረብ ማለት አቅጣጫ መጠቆም ብቻ አይደለም። ቢሮው ሄዳ ምን ልትጠይቅ ነው? «ስሜ ተሳስቷል» ብትል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊረዳ ይችላል፦ የመዝገብ እርማት፣ ምትክ ዲፕሎማ፣ ወይም ማረጋገጫ ደብዳቤ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መዝገብ ማስነሣትና ውሳኔ ማግኘት የሚጠይቁ በመሆናቸው ዘጠኝ ቀን ላይበቃቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን ዩኒቨርሲቲው በዛሬ ቀን፣ በራሱ ማኅተም፣ «በመዝገባችን እንዲህ ተብላ የተጻፈችው ተመራቂ እና ይህን የፓስፖርት ቁጥር የያዘችው ግለሰብ አንድ መሆናቸውን አረጋግጠናል» ብሎ የሚጽፈው አንድ ገጽ ነው።

ስለዚህ በወረቀት ላይ የሰጠኋት ነገር የሚከተለው ነበር። ለሬጅስትራሩ የሚቀርብ ባለ አምስት መስመር ማመልከቻ ጻፍኩላት፤ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ የተመረቀችበትን ዓመትና የትምህርት ክፍሏን አስገባሁበት፤ ከፓስፖርቷና ከልደት ማስረጃዋ ቅጂ ጋር አያያዝኩት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷ በታሸገ ፖስታ ወይም በተቋሙ ኢሜይል በቀጥታ ወደ ተቀባዩ እንዲላክ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገርም ጨመርንበት፤ ከተቋም ወደ ተቋም የሚሄድ ሰነድ በመካከል የነካው እጅ ስለሌለ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ለመግቢያ ቢሮው ደግሞ ደብዳቤው ቢዘገይ ማመልከቻዋ በነበረበት እንዲቆይና ማስረጃው ከቀነ ገደቡ በኋላ እንዲያያዝ የሚጠይቅ አጭር ኢሜይል አዘጋጀን። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን እርምጃ ይዘነጋዋል፤ ቀነ ገደቡን ያወጣው አካል ሊያራዝመው ይችል እንደሆነ ሳይጠየቅ ሰነድ መለወጥ መጀመር ግን የጥድፊያ ሁሉ የመጀመሪያ ውጤት ነው።

ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለደንበኛው መተው

ይህኛው ስህተት እምቢ እንዳልን አድርጎ ራሳችንን ያታልለናል። «ፊደሉን እኔ አልለውጥም፤ ግን ማኅተሙን ለብቻው ቆርጬ ላውጣልዎት» የሚል ሠራተኛ አጋጥሞኛል። ከሰነድ ላይ ተቆርጦ፣ ጀርባው ጠፍቶ የሚወጣ ማኅተም ሌላ ሰነድ ላይ ከማሳረፍ በቀር የረባ ጥቅም የለውም። የሌላ ድርጅት ራስጌ ያለበት ባዶ ደብዳቤ፣ «ናሙና» ተብሎ የሚሰጥ ሊሞላ የሚችል ሰርተፊኬት፣ የተቃኘ ደብዳቤ ወደ ሚስተካከል የዎርድ ፋይል ተቀይሮ መሰጠቱም ያው ነው።

ድንበሩ የሚያምታታው በአሮጌ ሰነዶች ላይ ነው። የቡና ጠብታ ያረፈበትን ልደት ማስረጃ ስካን አድርጎ እንዲነበብ ብርሃኑን ማስተካከል ምንም ችግር የለበትም። የተቀደደውን የዓመት የመጨረሻ አኃዝ «በእርግጥ 7 ነው» ተብሎ መሙላት ግን መለወጥ ነው፤ ባለቤቱ እውነቱን ቢናገርም እንኳ። የሚሻለው ቅጂውን እንዳለ ትቶ ከሰጪው መዝገብ የተረጋገጠ ግልባጭ ማስወጣት ነው። ተርጓሚም በዋናው ላይ ያየውን የፊደል ስህተት በዝምታ አርሞ መተርጎም አይገባውም፤ እንዳለ ይተረጉመውና በቅንፍ ውስጥ «በዋናው እንዲህ ተጽፏል» የሚል የተርጓሚ ማስታወሻ ያኖራል። ይህች ማስታወሻ ብቻዋን ችግሩን የፈታችበትን ጊዜ አይቻለሁ።

አማራጩ ራሱ ሐሰት እንዲሆን መፍቀድ

የማብቂያው ወር እንዲራዘምለት የጠየቀው ደንበኛዬ፣ ፊደል ይዞ የመጣው፣ በመጨረሻ «እሺ፣ የቀድሞ አለቃዬ አዲስ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የፈለገው ደብዳቤው ከሁለት ዓመት በፊት ባለው ቀን እንዲጻፍና አለቃው ባለቀው የኮንትራት ጊዜ ላይ አራት ወር እንዲጨምርለት ነበር። ፊርማው እውነተኛ፣ ማኅተሙ እውነተኛ፣ ይዘቱ ሐሰት የሆነ ደብዳቤ አማራጭ ሊባል አይችልም። ሲጣራ እንዲያውም ይበልጥ ያጋልጣል፤ የደመወዝ ዝርዝርና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ሥራው የቆመበትን ወር ለይተው ስለሚይዙ።

ቃለ መሐላም እንደዚሁ ነው። ሰዎች የኖተሪ ማኅተም ያረፈበት ሁሉ እውነት እንደሆነ ያስባሉ፤ ኖተሪው በቃለ መሐላው የሚያረጋግጠው የፈረመውን ሰው ማንነትና በፊቱ መፈረሙን እንጂ የተጻፈውን እውነትነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ ስምምነት የተቋቋመው፣ ሰነድ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚሰጠው አፖስቲል የተባለ ማረጋገጫም የፊርማውን፣ የፈራሚውን ሥልጣንና የማኅተሙን ትክክለኛነት ብቻ ይናገራል፤ ስለ ይዘቱ ምንም አይልም። ስለዚህ ሐሰተኛ ቃል በእነዚህ ላይ ሲደረብ ተጨማሪ ማኅተም ያገኛል እንጂ አይጸዳም፤ ተጠያቂነቱም የማለው ሰው ላይ እንዳለ ይቀራል።

ለዚያ ደንበኛ የሠራነው ቀላል ነገር ሆነ። በእነዚያ አራት ወራት በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ግን በቋሚነት ሳይሆን በሌላ ድርጅት በጊዜያዊ ውል። ውሉንና የክፍያ ደረሰኞቹን ይዞ ስለነበር፣ ያ ድርጅት በዛሬ ቀን አንድ የአገልግሎት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከፊተኛው ደብዳቤ ጋር ተደምሮ ቀጣሪው የጠየቀውን የሦስት ዓመት ልምድ ለመሙላት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ጎደለው። አሥራ አንዱን ቀን ለቀጣሪው በሸኚ ደብዳቤው ላይ ራሱ እንዲገልጽ መከርኩት፤ ምንም እንኳ ቢያንገራግርም ጻፈው።